ቁማርተኛው ከመክሰሩ በፊት ግቡ ላይ ይደርሳል? በፎቶ የመጣን ጥያቄ ደረጃ በደረጃ መፍታት

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚደርሰን በፎቶ ነው። አንዱ ከሞጁል ላይ በስልክ ያነሣዋል፣ ሌላው ከነጭ ሰሌዳ ላይ፣ ከዚያ በቴሌግራም ይላካል። ጥያቄው አጭር ነው። መፍትሔውም አንዴ ከገባን አጭር ነው። ግን ፎቶው ውስጥ አንዲት ቁጥር በስሕተት ብትነበብ መልሱ በጥቂቱ ሳይሆን በብዙ እጥፍ ይለወጣል። ለዚህ ነው ከቀመሩ በፊት በንባቡ የምንጀምረው።

አብረን የምንፈታው ይህንን ነው፦

“አንድ ቁማርተኛ 30 ዶላር ይዞ ይጀምራል። በአሜሪካ ሩሌት በየዙሩ 1 ዶላር ቀይ ላይ ያሲዛል። ቀይ ከወጣ 1 ዶላር ያገኛል፣ ካልወጣ ያስያዘውን 1 ዶላር ያጣል። በእጁ ያለው ገንዘብ 50 ዶላር ሲሞላ ወይም ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ያቆማል። ከመክሰሩ በፊት 50 ዶላር የመድረስ ፕሮባቢሊቲው ስንት ነው?”

ወደ ሒሳቡ ሳትገቡ አንድ ግምት ወረቀት ላይ ጻፉ። 30 ከ50 ከግማሽ በላይ ነው። ሩሌቱ ላይ ቀይ የመውጣት ዕድል ደግሞ ወደ ግማሽ ይጠጋል። አብዛኛው ሰው ከ50 እስከ 60 በመቶ ይገምታል። ግምታችሁን ያዙትና እንቀጥል።

ደረጃ 1፦ ከፎቶው አራት ነገሮችን ማውጣት

ጥያቄው የፈለገውን ያህል ቢረዝም የሚያስፈልጉን አራት ነገሮች ናቸው። መነሻው ስንት ነው? ግቡ ስንት ነው? አንዱን ዙር የማሸነፍ ፕሮባቢሊቲ ስንት ነው? በአንድ ዙር ገንዘቡ በስንት ይንቀሳቀሳል? መነሻውን i፣ ግቡን N፣ የማሸነፍ ፕሮባቢሊቲውን p፣ የመሸነፉን q እንበላቸው።

ከአራቱ በፎቶ ላይ ቶሎ የሚበላሸው p ነው። የአሜሪካ ሩሌት 38 ቁጥሮች አሉት። ከ1 እስከ 36 ያሉት ግማሾቹ ቀይ፣ ግማሾቹ ጥቁር ናቸው፤ በዚያ ላይ 0 እና 00 የሚባሉ ሁለት አረንጓዴዎች አሉ። ስለዚህ ቀዩ 18 ከ38 ነው። የአውሮፓው ሩሌት ግን አረንጓዴው አንድ ብቻ ስለሆነ 18 ከ37 ነው። ፎቶው ደብዝዞ 38 እንደ 37 ወይም እንደ 33 ከታየ በዓይን ግምት አትለፉት። “አሜሪካ” ወይም “አውሮፓ” የሚለውን ቃል ፈልጉ። አረንጓዴዎቹ ስንት እንደሆኑ ከተጻፈም ቁጥሮቹን ራሳችሁ ደምሩ። 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ 2 አረንጓዴ ካለ ድምሩ 38 ነው፤ ጥርጣሬው እዚያው ያበቃል።

ሁለተኛው አደጋ ግቡ ላይ ነው። “50 ዶላር ሲሞላ” እና “50 ዶላር ሲያተርፍ” የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በመጀመሪያው N 50 ነው። በሁለተኛው ግን መነሻው 30 ስለሆነ N 80 ይሆናል። ይህ ዐረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ከፎቶው ግርጌ ተቆርጦ የሚቀረውም እሱ ነው። የማቆሚያው ሁኔታ ካልታየ ሙሉውን ፎቶ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ማቆሚያው ካልታወቀ ጥያቄው አልተጠየቀም ማለት ነው።

ሦስተኛው በፎቶው ላይ ቀመር ካለ የሚመጣ ነው። ከፍ ብሎ የተጻፈ ትንሽ ፊደል በፎቶ ላይ ወርዶ ይታያል። (q/p)^i የነበረው “q/p ሲባዛ በ i” ይመስላል። በዚህ ምክንያት ቀመሩን ከፎቶ ላይ ከመገልበጥ ራሳችን ብናወጣው ይሻላል። ከባድ አይደለም።

የእኛ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦

```
i = 30
N = 50
p = 18/38 = 9/19
q = 20/38 = 10/19
```

q ውስጥ 18ቱ ጥቁሮች ብቻ ሳይሆኑ ሁለቱ አረንጓዴዎችም እንዳሉ ልብ በሉ። ቁማርተኛው ቀይ ላይ ስላስያዘ አረንጓዴ ሲወጣም ይሸነፋል። p እና q ተደምረው 1 መምጣት አለባቸው። ካልመጡ ወይ አንዱ ተሳስቷል፣ ወይ ማንም የማያሸንፍበት ዙር አለ። እሱን ወደኋላ እናየዋለን።

ደረጃ 2፦ አንድ ዙር ብቻ ወደፊት ማየት

ቁማርተኛው በእጁ i ዶላር እያለ ግቡ ላይ የመድረስ ፕሮባቢሊቲውን h(i) እንበለው። የምንፈልገው h(30) ነው። ነገር ግን h(30)ን ብቻውን ማግኘት አይቻልም። h(29)ን እና h(31)ን ይፈልጋል፣ እነሱም ጎረቤቶቻቸውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከ0 እስከ 50 ያሉትን ሁሉ አንድ ላይ እንፈታቸዋለን።

ሁለቱ ጠርዞች የታወቁ ናቸው። ገንዘቡ 0 ከሆነ ከስሯል፣ ስለዚህ h(0) = 0። ገንዘቡ 50 ከሆነ ደርሷል፣ ስለዚህ h(50) = 1። በመሃል ላለው ደግሞ የሚቀጥለውን አንድ ዙር ብቻ እናስብ። በ p ዕድል አሸንፎ i+1 ይሆናል። በ q ዕድል ተሸንፎ i−1 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ከአዲሱ ቦታ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ሩሌቱ ያለፈውን አያስታውስምና። በቀመር ሲጻፍ፦

```
h(i) = p·h(i+1) + q·h(i−1)
h(0) = 0,  h(N) = 1
```

የጥያቄው ሙሉ ይዘት እነዚህ ሁለት መስመሮች ናቸው። የቀረው አልጀብራ ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ደርሶ ወደ ቀመር ሽምደዳ ይሮጣል። እኔ ግን የሚቀጥለው ደረጃ ከሁሉም የሚያምረው ይመስለኛል፤ ቀመሩ ቢጠፋባችሁ በሦስት ደቂቃ መልሳችሁ የምታገኙበት መንገድ ነውና።

ደረጃ 3፦ ልዩነቶቹን መከተል

p + q = 1 ስለሆነ በግራ በኩል ያለውን h(i) “p·h(i) + q·h(i)” ብለን ልንጽፈው እንችላለን። ከዚያ p ያለባቸውን ወደ አንድ ወገን፣ q ያለባቸውን ወደ ሌላው እንሰብስብ፦

```
p·[h(i+1) − h(i)] = q·[h(i) − h(i−1)]
```

በቅንፍ ውስጥ ያሉት የሁለት ጎረቤቶች ልዩነቶች ናቸው። አንድ ዶላር ሲጨመር ዕድሉ በስንት እንደሚያድግ ይነግሩናል። እኩልታው የሚለው እያንዳንዱ ልዩነት ከበታቹ ያለው በ q/p ሲባዛ የሚገኝ ነው። q/p ን r እንበለው። የመጀመሪያው ልዩነት h(1) − h(0) ነው። h(0) ዜሮ ስለሆነ እሱ ራሱ h(1) ነው፤ a ብለን እንጥራው። እንግዲህ ልዩነቶቹ በቅደም ተከተል a፣ ar፣ ar²፣ ar³ እያሉ ይሄዳሉ።

h(i) የመጀመሪያዎቹ i ልዩነቶች ድምር ነው፦

```
h(i) = a·(1 + r + r² + ... + r^(i−1))
```

a ስንት እንደሆነ የሚነግረን ላይኛው ጠርዝ ነው። N ልዩነቶች ሁሉ ተደምረው 1 መምጣት አለባቸው። ስለዚህ h(i)ን ለ h(N) ስናካፍል a ይሰረዛል።

አሁን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ጨዋታው እኩል ከሆነ፣ ማለትም p = q = 1/2 ከሆነ፣ r 1 ነው። ልዩነቶቹ ሁሉ እኩል ይሆናሉ፣ መልሱም i/N ብቻ ነው። እኩል ካልሆነ የጂኦሜትሪክ ተከታታይ ድምርን እንጠቀማለን፦

```
p = q ከሆነ:   h(i) = i / N
p ≠ q ከሆነ:   h(i) = (r^i − 1) / (r^N − 1),   r = q/p
```

በአንዳንድ መጽሐፍ ሁለተኛው (1 − r^i)/(1 − r^N) ተብሎ ይገኛል። ያው አንድ ነው፤ ላይና ታች በ −1 ተባዝቷል። ሁለቱን ቀመሮች አታቀላቅሉ። r 1 ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ውስጥ ካስገባችሁ ዜሮ ሲካፈል ለዜሮ ይመጣል፤ ካልኩሌተሩም ስሕተት ይላችኋል።

አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጨዋታው ለዘላለም ሳያልቅ በ0 እና በ50 መሃል ቢንከራተትስ? የዚህ ፕሮባቢሊቲ ዜሮ ነው። ከየትኛውም ቦታ ተነሥቶ 50 ዙር በተከታታይ ቢያሸንፍ በዚያው መሃል ጨዋታው ማለቁ አይቀርም። ዕድሉ እጅግ ትንሽ ቢሆንም ዜሮ አይደለም፣ ሙከራው ደግሞ ያለማቋረጥ ይደጋገማል። ስለዚህ የመክሰር ፕሮባቢሊቲው 1 − h(i) ነው።

ደረጃ 4፦ ቁጥሮቹን ማስገባት

በእኛ ጥያቄ r = (10/19) ÷ (9/19) = 10/9 ነው። 19ኙ ይሰረዛል። ካልኩሌተር ላይ 1.11 ብላችሁ አታሳጥሩት። ወደ 50 ፓወር ስለሚወጣ ትንሿ ማጠጋጋት ታድጋለች። 10÷9 ብላችሁ ሙሉውን አስገቡ።

```
r^30 ≈ 23.59
r^50 ≈ 194.03

h(30) = (23.59 − 1) / (194.03 − 1)
      = 22.59 / 193.03
      ≈ 0.117
```

11.7 በመቶ። ጨዋታው እኩል ቢሆን ኖሮ 30/50፣ ማለትም 60 በመቶ ነበር። ሁለት አረንጓዴ ቁጥሮች 60ውን ወደ 12 አወረዱት።

ይህ ለብዙ ሰው የማይታመን ስለሚሆን ቆም ብለን እንየው። ምክንያቱ ልዩነቶቹ ውስጥ ነው። እኩል በሆነ ጨዋታ እያንዳንዱ ዶላር ዕድሉን በእኩል መጠን ያሳድጋል፤ በዚህ ጥያቄ በ2 በመቶ። በሩሌቱ ግን እያንዳንዱ ልዩነት ከበታቹ በ10/9 ይበልጣል። እድገቱ ሁሉ ላይኛው ጫፍ ላይ ተከማችቷል ማለት ነው። የመጀመሪያው ዶላር የሚሰጠው 0.06 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የመጨረሻው፣ ከ49 ወደ 50 የሚያሻግረው፣ 10 በመቶ ይሰጣል። 40 ዶላር ላይ የደረሰ ቁማርተኛ እንኳ ገና 34.5 በመቶ ነው ያለው። 45 ሲደርስ 58.8። 49 ሲደርስ 90 ያህል። መንገዱን ሦስት አምስተኛ የጨረሰ የሚመስለው ሰው በዕድል ሲለካ ገና መጀመሪያው ላይ ነው።

ደረጃ 5፦ መልሱ ትክክል መሆኑን ማወቅ

ቀመር ውስጥ ቁጥር አስገብቶ መልስ ማውጣት ቀላል ነው። መልሱ የተበላሸ መሆኑን ማወቅ ይከብዳል። እኔ ሁልጊዜ የማደርጋቸው ሁለት ፍተሻዎች አሉ።

የመጀመሪያው ከ i/N ጋር ማወዳደር ነው። p ከግማሽ ካነሰ መልሱ ከ i/N ማነስ አለበት። በእኛ ጥያቄ ከ0.6 በላይ የሆነ ማንኛውም መልስ ስሕተት ነው። ይህ ፍተሻ በጣም የተለመደውን ስሕተት ይይዛል፦ r ን ገልብጦ p/q ማድረግ። r 9/10 ነው ብላችሁ ብታስገቡ 0.963 ይወጣል። ቁጥሩ በ0 እና በ1 መሃል ስለሆነ ጤነኛ ይመስላል። ግን ካዚኖው በሚያሸንፍበት ጨዋታ 96 በመቶ ሊሆን አይችልም። ትልቁ ዕድል በካዚኖው በኩል እያለ r ሁልጊዜ ከ1 ይበልጣል።

ሁለተኛው ያለ ትልቅ ስሌት የሚሠራ ግምት ነው። r ከ1 ሲበልጥና r^i ትልቅ ሲሆን ከላይና ከታች ያሉት “−1”ዎች ብዙ አይለውጡም። ከጣልናቸው የሚቀረው ይህ ነው፦

```
h(i) ≈ (p/q)^(N−i)
```

በእኛ ጥያቄ 0.9^20 ነው፣ ማለትም 0.122። ከ0.117 ጋር በጣም ይቀራረባል። ይህ ግምት ሁልጊዜ ከእውነተኛው መልስ በጥቂቱ ይበልጣል። ስለዚህ እንደ ጣሪያ ልታዩት ትችላላችሁ፤ መልሳችሁ ከእሱ ከበለጠ ስሕተት አለ።

ከዚህች አጭር ቀመር ሌላም ነገር ይታያል። ውስጧ i ብቻውን የለም። ያለው ርቀቱ፣ N−i፣ ብቻ ነው። 1,000 ዶላር ይዞ 1,020 ለመድረስ የሚሞክር ሰውም በዚሁ ሩሌት አንድ አንድ ዶላር እያስያዘ 0.9^20 ነው ያለው፣ 12.2 በመቶ። እሱ የሚፈልገው የገንዘቡን 2 በመቶ መጨመር ብቻ ነው። እኩል ጨዋታ ቢሆን 98 በመቶ ይደርስ ነበር። እዚህ ግን ከኋላው ያለው 1,000 ዶላር የሚያደርግለት ቢኖር መክሰሻውን ማራዘም ነው።

አሁን ወደ ፎቶው እንመለስ። 38ን 37 ብለን አንብበን ቢሆን r 19/18 ይሆን ነበር። መልሱ 0.292 ይመጣል። አንዲት አረንጓዴ ቁጥር 11.7ን ወደ 29.2 በመቶ አደረገችው። ግቡን “50 ትርፍ” ብለን N = 80 ብናደርግ ደግሞ መልሱ 0.005 ያህል ይሆናል፣ ግማሽ በመቶ። ሦስቱም መልሶች ሁለቱን ፍተሻዎች ያልፋሉ። ከተነበበው ቁጥር አንጻር ስሌታቸው ትክክል ነውና። የንባብን ስሕተት የሚይዘው ንባቡ ብቻ ነው። ለዚህ መልሱን ስትልኩ የተጠቀማችሁባቸውን i፣ N እና p ከላይ ጻፉ። ጠያቂው ከወረቀቱ ጋር ያስተያየዋል።

ማንም የማያሸንፍበት ዙር ሲኖር

ፎቶው ላይ p እና q ተደምረው 1 ካልመጡ ብዙ ጊዜ የቀረው ዕድል “ምንም አይለወጥም” የሚል ዙር ነው። ለዚህ ከራሱ ከችግሩ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለም። የሒሳብ ሊቁ ፓስካል በ1656 (እ.ኤ.አ.) ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለፌርማ ያቀረበው፣ የሳይንስ ሊቁ ሁይገንስ ደግሞ በ1657 ከመልሱ ጋር ያሳተመው ጥያቄ ነው። ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 12 ሳንቲም ይይዛሉ። ሦስት ዳይ ይጣላል። ድምሩ 14 ከመጣ አንደኛው ከሁለተኛው አንድ ሳንቲም ይወስዳል። 11 ከመጣ ሁለተኛው ከአንደኛው ይወስዳል። ሌላ ቁጥር ከመጣ ማንም አይወስድም። የሌላውን ሳንቲም ሁሉ የወሰደ ያሸንፋል።

ሦስት ዳይ 216 ዓይነት አወጣጥ አለው። 14 በ15 መንገድ፣ 11 ደግሞ በ27 መንገድ ይመጣል። የቀሩት 174 ምንም አይለውጡም። እነዚህን ባዶ ዙሮች s ብለን እኩልታው ውስጥ ብናስገባ h(i) በቀኝም በግራም ይገኛል፦

```
h(i) = p·h(i+1) + q·h(i−1) + s·h(i)
```

s·h(i) ወደ ግራ ሲሻገር (1−s)·h(i) ይሆናል። 1−s ደግሞ p+q ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከደረጃ 3 ጋር አንድ ነው። ባዶ ዙሮች ጨዋታውን ያረዝሙታል እንጂ መልሱን አይነኩም። የሚያስፈልገው r ብቻ ነው፤ ለአንደኛው ተጫዋች r = 27/15 = 9/5። መነሻው 12፣ ግቡ የሁለቱም ድምር 24 ነው። r^24 − 1 ለ (r^12 − 1)(r^12 + 1) ስለሚከፈል መልሱ እንዲህ ያጥራል፦

```
h(12) = 1 / (r^12 + 1)
      = 5^12 / (5^12 + 9^12)
```

5^12 = 244,140,625፣ 9^12 = 282,429,536,481። ሁይገንስ የሁለቱን ተጫዋቾች ዕድል ያስቀመጠው በእነዚሁ ሁለት ቁጥሮች ንጽጽር ነው። አንደኛው ተጫዋች የሚያሸንፈው ከ1,158 ጨዋታ አንዱን ያህል ነው። ቀመሩን በራሳችሁ ካወጣችሁ በኋላ በዚህ ጥያቄ ፈትኑት። እነዚህ ቁጥሮች ከወጡላችሁ ቀመራችሁ ትክክል ነው።

ጨዋታው ስንት ዙር ይቆያል?

ይህ ብዙ ጊዜ የጥያቄው “ለ” ክፍል ሆኖ ይመጣል። አዲስ እኩልታ ሳንፈታ ካገኘነው መልስ ማውጣት ይቻላል። ቁማርተኛው ሲያቆም በእጁ የሚኖረው በአማካይ 50 × 0.117 = 5.85 ዶላር ነው። በ30 ጀምሮ ስለነበር በአማካይ 24.15 ዶላር አጥቷል። በአንድ ዙር የሚያጣው አማካይ ደግሞ q − p = 1/19 ዶላር ነው። ስለዚህ የዙሮቹ አማካይ 24.15 × 19፣ ማለትም ወደ 459 ነው። እኩል በሆነ ጨዋታ ይህ መንገድ አይሠራም፣ ለዜሮ ማካፈል ይመጣልና። እዚያ መልሱ i × (N − i) ነው፤ ለእኛ ቁጥሮች 600።

በኮምፒውተር ማረጋገጥ

ፓይተን ያለው ሰው ጨዋታውን ራሱን አስመስሎ ሊያስኬደው ይችላል። ይህ ፕሮግራም ቀመሩን አይጠቀምም፤ ስለዚህ የቀመሩ ነጻ ምስክር ነው።

```python
import random

def play(i, N, p):
    while 0 < i < N:
        i += 1 if random.random() < p else -1
    return i == N

n = 20000
print(sum(play(30, 50, 18/38) for _ in range(n)) / n)
```

በየጊዜው ትንሽ የተለየ ቁጥር ይወጣል። ከ20,000 ጨዋታ የሚጠበቀው መዋዠቅ በእያንዳንዱ ወገን 0.005 ያህል ስለሆነ ከ0.112 እስከ 0.122 ያለ ውጤት ከቀመሩ ጋር ይስማማል። 0.13 ወይም 0.10 ካያችሁ አንዱ ቦታ ላይ ቁጥር ተሳስቷል። መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ p ነው። ዙር ሲበዛ ማስመሰሉ ጊዜ ይወስዳል፤ N ን በሺዎች ካደረጋችሁት ቀመሩ ላይ ብቻ ተደገፉ።

የሚያሲዘው መጠን ሲለወጥ

አራተኛውን ነገር፣ በአንድ ዙር የሚንቀሳቀሰውን መጠን፣ እስካሁን 1 ዶላር አድርገን ዘለነዋል። ፎቶው ላይ “በየዙሩ 10 ዶላር” የሚል ካለ ሁሉንም ለ10 አካፍሉ። 30 ዶላር 3 እርምጃ፣ 50 ዶላር 5 እርምጃ ይሆናል። p እና r አይለወጡም።

```
h(3) = (r^3 − 1) / (r^5 − 1)
     = 0.3717 / 0.6935
     ≈ 0.536
```

ያው ሩሌት፣ ያው 30 ዶላር፣ ያው ግብ፤ ግን 11.7 የነበረው 53.6 በመቶ ሆነ። መንገዱ ሲያጥር ካዚኖው ብልጫውን የሚጠቀምበት የዙር ቁጥርም ያጥራል። “ትንሽ ትንሽ ካስያዝኩ አልከስርም” የሚለው ሐሳብ ግብ ላይ ለመድረስ ሲታሰብ ተቃራኒውን ይሠራል።

መጠኑን በየዙሩ መቀያየር ቢፈቀድስ? የሒሳብ ሊቃውንቱ ዱቢንስ እና ሳቬጅ በ1965 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት በእንዲህ ያለ ዕድሉ በሚያንስበት ጨዋታ በየዙሩ ያለውን ሁሉ፣ ወይም ለግቡ የጎደለውን ያህል ብቻ፣ የሚያሲዝ ስልት ከሌላ ከማንኛውም ስልት አያንስም። በእኛ ጥያቄ ይህንን በእጅ መከተል ይቻላል። ከ30 ላይ 20 ያሲዛል፤ ካሸነፈ 50 ደረሰ፣ ከተሸነፈ 10 ይቀረዋል። ከ10 ሁሉንም አስይዞ 20፣ ከ20 ሁሉንም አስይዞ 40 ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱም ቦታ ከተሸነፈ አለቀ። ከ40 ላይ 10 ያሲዛል፤ ካሸነፈ 50፣ ከተሸነፈ ተመልሶ 30።

የሚደርስባቸው ቦታዎች አራት ብቻ ስለሆኑ የደረጃ 2ን ሐሳብ በቀጥታ እንጠቀማለን፦

```
h(30) = p + q·h(10)
h(10) = p·h(20)
h(20) = p·h(40)
h(40) = p + q·h(30)
```

አንዱን በሌላው ውስጥ ስንተካ h(30) ብቻ ይቀራል፦

```
h(30) = (p + p³q) / (1 − p²q²) ≈ 0.565
```

56.5 በመቶ። እዚህ የ r ቀመር አልሠራም፤ እርምጃዎቹ እኩል አይደሉምና። “አንድ ዙር ወደፊት ተመልከት” የሚለው እኩልታ ግን አሁንም ይሠራል። ፎቶው ላይ መጠኑ የሚቀያየር ከሆነ ወደ ቀመሩ አትሂዱ። የሚደረስባቸውን ቦታዎች ዘርዝሩ፣ ለእያንዳንዱ አንድ እኩልታ ጻፉ፣ ከዚያ አብራችሁ ፍቱ። ውጤቱም ከ i/N፣ ከ0.6፣ ማነስ አለበት። ካዚኖው ብልጫ ባለበት ጨዋታ ግቡን ሳያልፍ የሚቆም ማንኛውም ስልት ከዚያ ጣሪያ በላይ አይወጣም።